ስድስት ሥዕል፣ ግማሽ ሰከንድ

አንድ ሰይፈኛ አለ። ቁመቱ አርባ ፒክስል ገደማ ነው፤ ፊቱን ወደ ቀኝ አዙሯል። ሠዓሊው ይህን ሰው ስድስት ጊዜ ስሎታል፦ ጎንበስ ሲል፣ ሰይፉን ከትከሻው ኋላ ሲያነሣ፣ ሰይፉ በአየር ላይ ነጭ ጭረት ሆኖ ሲያልፍ፣ ክንዱ ተዘርግቶ የሰይፉ ጫፍ ከፊቱ ሲደርስ፣ ሰይፉ ወደ መሬት ሲወርድ፣ በመጨረሻም ወደ ቀድሞ አቋሙ ሲመለስ። ስድስቱ ሥዕሎች በአንድ ረድፍ ተደርድረው በአንድ የምስል ፋይል ውስጥ ተቀምጠዋል። ጌም ሠሪዎች ስፕራይት ሺት የሚሉት ይህንን ነው።

ተጫዋቹ ቁልፉን ሲጫን ስድስቱ ሥዕሎች ተራ በተራ ብቅ ብለው ይጠፋሉ፤ ጠቅላላው ግማሽ ሰከንድ ቢፈጅ ነው። በዚያች ግማሽ ሰከንድ ውስጥ ሰይፉ ወይ የሚከብድ ብረት ይመስላል፣ ወይ የካርቶን ቁራጭ። ብዙ ሰው ልዩነቱ ከሠዓሊው እጅ የሚመጣ ይመስለዋል። እውነት ነው፣ ሥዕሉ ድርሻ አለው፤ ነገር ግን ያንኑ ስድስት ሥዕል አንዲት ፒክስል ሳይነኩ፣ ጊዜውን ብቻ በተለየ መንገድ በማከፋፈል፣ ሰነፍ ምትም ብርቱ ምትም ማድረግ ይቻላል። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ክፍፍል ነው። ከክፍፍሉ በፊት ግን ሥዕሎቹ በትክክል መቆረጥ አለባቸው፤ ቆረጣው ከተዛባ የጊዜው ስሌት የቱንም ያህል ቢያምር አያድነውም።

የኛ ሰይፈኛ እያንዳንዱ ሥዕል የተቀመጠበት ክፍል 96 ፒክስል ወርድና 64 ፒክስል ቁመት አለው። ስድስት ክፍል በ96 ሲባዛ 576 ይሆናል፤ ስለዚህ ፋይሉ 576 በ64 መሆን አለበት። ሥራ ከመጀመሩ በፊት የፋይሉን ልክ አይቶ ማካፈል አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ሙሉ ቁጥር ካልመጣ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። በጎዶት፣ በነፃ በሚገኘው የጌም መሥሪያ ፕሮግራም፣ ምስሉን `Sprite2D` ላይ አስቀምጦ `Hframes` በሚለው ቦታ 6 መጻፍ ብቻ ይበቃል። ፕሮግራሙ ወርዱን ለስድስት ያካፍልና ክፍሎቹን ከ0 እስከ 5 ይቆጥራቸዋል። እኛም ከዚህ በኋላ ሥዕሎቹን በዚሁ ቁጥር እንጠራቸዋለን፤ ጎንበስ ያለው ሥዕል 0፣ ወደ አቋሙ የተመለሰው ሥዕል 5 ነው።

አሁን ሠዓሊው ሥዕሎቹ እንዳይነካኩ ብሎ በየመካከላቸው አንዲት ባዶ የፒክስል መስመር ትቷል እንበል። አምስት መስመር ተጨምሮ ወርዱ 581 ሆነ። ቆራጩ ይህን ሳያይ በሌላ መንገድ፣ የክፍሉን ልክ 96 ብሎ በመስጠት፣ ቢቆርጠው ምን ይሆናል? ሥዕል 0 ደህና ነው። ሥዕል 1 ግን በእውነት የሚጀምረው ከ97ኛው ላይ ሆኖ ሳለ መቁረጫው ከ96 ይጀምራል፤ ስለዚህ ሰውየው በክፍሉ ውስጥ አንድ ፒክስል ወደ ቀኝ ተገፍቶ ይታያል። በሥዕል 2 ሁለት ፒክስል፣ በሥዕል 3 ሦስት እያለ ስሕተቱ ይጠራቀማል። ሥዕል 5 ላይ ሲደርስ ሰውየው አምስት ፒክስል ተንሸራቷል። ፒክስል አርት ብዙ ጊዜ በስክሪን ላይ አራት እጥፍ አድጎ ስለሚታይ፣ አምስቷ ፒክስል ሃያ ትሆናለች። ዐይን የሚያየው በምት መካከል በበረዶ ላይ እንደቆመ የሚንሸራተትና፣ አኒሜሽኑ ሲያልቅ ድንገት ወደ ኋላ የሚዘል ሰው ነው። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ እግሩ በየሥዕሉ እኩል መጠን ከተንቀሳቀሰ ጥፋቱ የሠዓሊው አይደለም፣ የቆረጣው ነው። መድኃኒቱም ቀላል ነው፦ በጎዶት የስፕራይት ሺት መቁረጫ መስኮት ላይ `Separation` የሚለውን 1 ማድረግ፣ ወይም ሠዓሊውን ያለ ክፍተት እንደገና እንዲያወጣው መጠየቅ።

ሁለተኛው የቆረጣ ወጥመድ ይልቅ ይበረታል፤ ሥራን ለማቅለል የተሠራ ነገር ስለሆነ ብዙ ጀማሪ ይወድቅበታል። አንዳንድ ፕሮግራሞች ሥዕሉን ራሳቸው ፈልገው የሚቆርጡበት መንገድ አላቸው። ባዶውን ቦታ ይተዉና ቀለም ያለበትን ብቻ ጠበቅ አድርገው በሳጥን ይከቡታል። ለዛፍ፣ ለድንጋይ፣ ለሳንቲም ጥሩ ነው። ለሰይፈኛ ግን አደጋ ነው። የሰውየው አካል ሠላሳ ፒክስል ይሰፋል እንበል። ሰይፉ በተዘረጋበት ሥዕል ላይ ከፊቱ ሌላ አርባ ፒክስል ይጨመርና ሳጥኑ ሰባ ይሆናል። ፕሮግራሙ ሥዕሎቹን በሳጥናቸው መሃል እያስተካከለ ቢያስቀምጣቸው፣ የመጀመሪያው ሳጥን መሃል ከሰውየው ጀርባ 15 ፒክስል ላይ ነበር፤ የዚህኛው 35 ላይ ነው። ሃያ ፒክስል ልዩነት! ሰውየው ወደ ፊት መምታት ሲገባው ሰይፉ በተዘረጋ ቁጥር ሰውነቱ ወደ ኋላ ይወረወራል። ነጭ ጭረቱ ደግሞ ከአካሉ ተነጥሎ ከተሣለ ፕሮግራሙ እንደ ሌላ ሥዕል ቆጥሮት ስድስቱን ሰባት ያደርጋቸዋል። ለዚህ ነው ለጥቃት አኒሜሽን ሁልጊዜ እኩል ክፍል የምመርጠው፤ ብዙ ባዶ ቦታ ቢባክንም ይባክን።

እኩል ክፍል ሲኖር ለሁሉም ሥዕል አንድ የጋራ መቆሚያ ነጥብ መስጠት ይቻላል። ነጥቡ የሚቀመጠው በሁለቱ እግሮች መካከል፣ መሬቱ ላይ ነው። የኛ ሰይፈኛ በክፍሉ መሃል አልቆመም፤ ሰይፉ በስተቀኝ ቦታ እንዲያገኝ ሠዓሊው ትንሽ ወደ ግራ አስጠግቶታል። እግሩ ያለው ከግራ 40፣ ከላይ 60 ፒክስል ላይ ነው። በጎዶት `Centered` የሚለውን አጥፍቶ `Offset` ላይ -40 እና -60 መጻፍ እግሩን በትክክል በገጸ ባሕሪው ቦታ ላይ ያሳርፈዋል።

ሰውየው ወደ ግራ ሲዞርስ? ብዙዎች `flip_h` የሚለውን ያበራሉ። ይህ ሥዕሉን በክፍሉ ውስጥ እንዳለ ይገለብጠዋል፤ ከግራ 40 ላይ የነበረው እግር አሁን ከግራ 56 ላይ ይሆናል፤ ሰውየው በዞረ ቁጥር አሥራ ስድስት ፒክስል ይዘላል። ሥዕሉንና ወደፊት የምናየውን መምቻ ሳጥን በአንድ ባዶ `Node2D` ሥር አድርጎ የዚያን ወላጅ `scale.x` -1 ማድረግ ሁለቱንም በእግሩ ዙሪያ አንድ ላይ ይገለብጣቸዋል። ሥዕሉ ወደ ግራ ዞሮ መምቻው ወደ ቀኝ የቀረበት ጌም ያጋጠመው ሰው ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ ያውቃል።

ቆረጣው አበቃ። አሁን ወደ ጊዜው።

አብዛኞቹ ጌሞች ዓለማቸውን በሰከንድ ስልሳ ጊዜ ያድሳሉ። እያንዳንዷ እርምጃ ወደ 16.7 ሚሊ ሰከንድ ትወስዳለች፤ ከዚህ በኋላ ቲክ እላታለሁ። ግማሽ ሰከንድ ሠላሳ ቲክ ነው። ጀማሪ የሚያደርገው ሠላሳውን ለስድስት አካፍሎ ለእያንዳንዱ ሥዕል አምስት አምስት ቲክ መስጠት ነው። ፍትሐዊ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ሰይፉን በውሃ ውስጥ እንደሚያንቀሳቅስ ሰው ነው። ምክንያቱን ለማየት እንጨት የሚፈልጥ ሰው ማሰብ ይበቃል። ምሳሩን ቀስ ብሎ ያነሣል፤ ከራሱ በላይ ሲደርስ ለአፍታ ያቆየዋል፤ ከዚያ ሲወርድ ዐይን አይከተለውም፤ ግንዱ ውስጥ ከገባ በኋላ ደግሞ ነቅሎ እስኪያነሣው ጊዜ ይወስዳል። ክብደቱን የምናነበው ከዚህ አለመመጣጠን ነው። ፈላጩ አራቱንም በእኩል ፍጥነት ቢያደርግ እጁ ላይ ያለው ምሳር መሆኑን አናምንም።

ስለዚህ ሠላሳውን ቲክ እንዲህ አከፋፈልኩት፦ ለሥዕል 0 ሦስት፣ ለሥዕል 1 ሰባት፣ ለሥዕል 2 ሁለት፣ ለሥዕል 3 አራት፣ ለሥዕል 4 ስድስት፣ ለሥዕል 5 ስምንት። ድምሩ ያው ሠላሳ ነው። ልብ በሉ፣ ሰይፉ እስኪወረወር ያለው ጊዜ እንኳ አልተለወጠም፤ በእኩል ክፍፍሉ አምስትና አምስት አሥር ነበር፣ አሁንም ሦስትና ሰባት አሥር ነው። የተለወጠው ያ አሥር ቲክ የተቀመጠበት ቦታ ነው። ጎንበስ ማለቱ ፈጣን ስለሆነ ተጫዋቹ ቁልፉን እንደተጫነ መልስ ያገኛል፤ የተነሣው ሰይፍ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚታይ ጉልበቱ እንደተጠራቀመ እናነባለን። ነጭ ጭረቱ ለሁለት ቲክ ብቻ ታይቶ ይጠፋል። በዝግታ ስናየው አስቀያሚ ሥዕል ነው፤ ሰይፍም አይመስልም። ሠላሳ ሦስት ሚሊ ሰከንድ ብቻ ስለሚቆይ ዐይን እንደ ሥዕል አያየውም፣ እንደ ፍጥነት ብቻ ያየዋል። ለአምስት ቲክ ቢቆይ ግን ያ አስቀያሚ ጭረት በግልጽ ይታያል።

ሠዓሊው በአሴስፕራይት የሚሠራ ከሆነ የእያንዳንዱን ሥዕል ቆይታ በሚሊ ሰከንድ ያስገባል፤ የኛ ክፍፍል 50፣ 117፣ 33፣ 67፣ 100፣ 133 ይሆናል። ሠዓሊውም ፕሮግራመሩም ያንኑ ምት እንዲያዩ ይህን ማድረግ ይጠቅማል። ለማሳያ እንዲሆን በጂፍ ፋይል መላክ ግን አልመክርም። ጂፍ ጊዜን የሚቆጥረው በመቶኛ ሰከንድ ስለሆነ 117ቱን ወይ 110 ወይ 120 ያደርገዋል፤ 33ቱም 30 ይሆናል። በእንዲህ ያለ አጭር ምት ላይ ይህ ይታወቃል።

የተዋጊ ጌም ተጫዋቾች ማንኛውንም ምት በሦስት ከፍለው ያዩታል። ካፕኮም እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው ስትሪት ፋይተር 2 ከገነነ በኋላ ይህ አቆጣጠር የሙያው ቋንቋ ሆኗል። የመጀመሪያው ዝግጅት ነው፤ ጥቃቱ ተጀምሯል፣ ነገር ግን ማንንም አይጎዳም። ሁለተኛው መምቻ ነው፤ ሰይፉ የነካው ሁሉ የሚጎዳበት ጊዜ። ሦስተኛው መመለሻ ነው፤ ሰይፈኛው ከእንግዲህ አይጎዳም፣ ሌላም ማድረግ አይችልም። በኛ ምት ዝግጅቱ ሥዕል 0 እና 1፣ አሥር ቲክ ነው። መምቻው ሥዕል 2 እና 3፣ ስድስት ቲክ ነው። መመለሻው ሥዕል 4 እና 5፣ አሥራ አራት ቲክ ነው። ሂት ፍሬም የሚባሉት ሥዕል 2 እና 3 ናቸው።

በመመለሻው ላይ መቸኮል የብዙ ጀማሪ ጠባይ ነው። ሰይፉ ከመታ በኋላ ያለው ጊዜ የባከነ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ምቱ ሲስት ዋጋ የሚያስከፍለው ይኸው ጊዜ ነው። አሥራ አራት ቲክ ለባላጋራው ቀርቦ ለመምታት በቂ ጊዜ ነው፤ መመለሻው አራት ቲክ ቢሆን ግን ተጫዋቹ ቁልፉን ሳያስብ ይደበድባል፣ ቢስትም የሚያጣው ነገር የለም።

ጥቃቱ የሚጎዳው ሥዕሉ አይደለም። ኮምፒውተሩ ሰይፍ ምን እንደሆነ አያውቅም። በሰይፉ መንገድ ላይ አንድ የማይታይ ሳጥን እናስቀምጣለን፤ ይህ መምቻ ሳጥን ነው። በጠላቱ አካል ላይ ሌላ አለ፤ ተመቺ ሳጥን ልንለው እንችላለን። በሂት ፍሬሞቹ ወቅት ሁለቱ ከተደራረቡ ምቱ አግኝቷል። መምቻው ከተሣለው ሰይፍ ትንሽ ቢሰፋ ይሻላል፤ ተጫዋቹ መትቻለሁ ብሎ ባመነበት ጊዜ ጌሙ አልመታህም ካለው ይናደዳል። የጠላት መምቻ ሳጥን ግን በተቃራኒው ከሥዕሉ ጠበብ ይበል።

ጥያቄው ሳጥኑ መቼ ይሠራል የሚለው ነው። ቀላሉ መንገድ «ሥዕል 2 ሲታይ አብራው፣ ሥዕል 4 ሲታይ አጥፋው» ማለት ነው፤ በጥሩ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። ርካሽ ስልክ ላይ ግን ጌሙ በሰከንድ ሃያ ምስል ብቻ ሊያሳይ ይችላል፤ በሁለት ምስሎች መካከል ሃምሳ ሚሊ ሰከንድ ያልፋል። ሥዕል 2 የሚቆየው ሠላሳ ሦስት ብቻ ስለሆነ ሳይታይ ሊታለፍ ይችላል። ማብሪያው ከዚያ ሥዕል መታየት ጋር ብቻ ከታሰረ ሳጥኑ አይበራም፤ ሰይፉ በጠላቱ ውስጥ ያልፋል፣ ጠላቱም ደህና ነው። በሠሪው ጠረጴዛ ላይ ፈጽሞ የማይታይ፣ በተጫዋቹ እጅ ላይ ግን አልፎ አልፎ ብቅ የሚል ጥፋት ይህ ነው።

መፍትሔው ምቱን ከሚታየው ሥዕል ነጥሎ ከጌሙ የራሱ ሰዓት ጋር ማሰር ነው። በጎዶት `_physics_process` የሚባለው ክፍል ካልቀየሩት በቀር በሰከንድ ስልሳ ጊዜ ይጠራል፤ ስክሪኑ ወደ ኋላ ከቀረ ለማካካስ በአንድ ምስል ውስጥ ደጋግሞ ይጠራል። ሥዕሉ ላይታይ ይችላል፣ ቲኩ ግን ይቆጠራል። ስለዚህ ቆጠራውን ራሳችን እንጽፋለን፦

```gdscript
const DUR = [3, 7, 2, 4, 6, 8]
var attacking = false
var i = 0
var t = 0
var freeze = 0

func _physics_process(_delta):
    if not attacking:
        return
    if freeze > 0:
        freeze -= 1
        return
    if i == 2 or i == 3:
        check_hit()
    t += 1
    if t == DUR[i]:
        t = 0
        i += 1
        if i == DUR.size():
            i = 0
            attacking = false
        sprite.frame = i
```

ኮድ የማያነብ ሰውም ሐሳቡን ሊከተለው ይችላል። የመጀመሪያው መስመር ክፍፍላችን ነው። `i` የሥዕሉ ቁጥር፣ `t` ደግሞ በዚያ ሥዕል ላይ ያለፈው ቲክ ነው። ሥዕሉ 2 ወይም 3 ከሆነ የነካነው ሰው አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል። የሥዕሉ ጊዜ ሲሞላ ወደ ቀጣዩ ያልፋል። `freeze` የሚለውን ቆይተን እንመጣበታለን።

ጥያቄው ራሱ እንዲህ ይጻፋል፦

```gdscript
var already_hit = []

func check_hit():
    for a in hitbox.get_overlapping_areas():
        if a in already_hit:
            continue
        already_hit.append(a)
        a.take_hit(10)
        freeze = 5
```

እዚህ ላይ `already_hit` የሚለው ዝርዝር ትንሽ ይመስላል፤ ባይኖር ግን ምቱ ስድስት ቲክ ስለሚቆይና ጥያቄው በየቲኩ ስለሚቀርብ፣ ጠላቱ በአንድ ሰይፍ ስድስት ጊዜ ይመታል። አሥር መሆን የነበረበት ጉዳት ስልሳ ይሆናል። እንዲህ ያለ ጥፋት የሚታወቀው ጉዳቱ ወጥ ባለመሆኑ ነው፦ ጠላቱ ቆሞ ሲመታ ስልሳ፣ እየሸሸ ሲመታ ሃያ ወይም ሠላሳ ይጎዳል። ቁጥሮቹ ሁልጊዜ የአሥር ብዜት ከሆኑ ዝርዝሩ ተረስቷል። አዲስ ጥቃት በተጀመረ ቁጥርም ዝርዝሩ ባዶ መደረግ አለበት፤ ያለዚያ የመጀመሪያው ምት ይሠራና ከዚያ በኋላ ጠላቱ የማይጎዳ ይሆናል።

ሌላም ነገር አለ። መምቻ ሳጥኑን በሥዕል 2 ላይ አብርቶ በዚያው ቲክ ማንን ነካህ ብሎ መጠየቅ ባዶ መልስ ያመጣል፤ ጎዶት የተደራራቢዎቹን ዝርዝር የሚያድሰው በእያንዳንዱ የፊዚክስ እርምጃ አንድ ጊዜ ነውና። ስለዚህ እኔ ሳጥኑን አላጠፋውም። ሁልጊዜ እንደበራ ይቆያል፤ ጥያቄውን ብቻ በትክክለኛው ጊዜ አቀርባለሁ።

ወደ `freeze` እንመለስ። ሰይፉ ሲያገኝ ቆጠራው ለአምስት ቲክ ይቆማል። ሰይፈኛው ምቱ ባገኘበት ሥዕል ላይ ይደርቃል፤ ጠላቱም እንዲሁ መድረቅ አለበት። ከአንድ ሰከንድ አሥራ ሁለተኛ ነው፣ ብዙ ተጫዋች መኖሩን እንኳ አያውቅም። ቢወጣ ግን ሁሉም ሰው አንድ ነገር እንደጎደለ ይናገራል፤ ሰይፉ በጭስ ውስጥ ያለፈ ያህል ይሆናል። የስማሽ ብራዘርስ ፈጣሪ ማሳሂሮ ሳኩራይ እ.ኤ.አ. በ2022 በጀመረው ስለ ጌም ሥራ በሚያስተምርበት የዩቲዩብ ቻናሉ ላይ ለዚህ መቆም ራሱን የቻለ ትምህርት ሰጥቶበታል፤ ለሙያው ሰው ምን ያህል ቁም ነገር እንደሆነ ከዚህ ይታያል። ከኛ ምት አንጻር መጠንቀቅ ያለብን መቆሙ ከሠላሳው ቲክ ላይ እንዳይቀነስ ነው። ከላይ ያለው ኮድ ሲቆም `t`ን ስለማይጨምር፣ ያገኘ ምት ሠላሳ አምስት ቲክ ይወስዳል፣ የሳተ ምት ሠላሳ። ቀላል ምት ከሆነ መቆሙን ሦስት ቲክ ማድረግ፣ ለከባድ መዶሻ ስምንት ወይም አሥር ማድረግ ይቻላል። ከዚያ ካለፈ ተጫዋቹ ጌሙ የተሰነካከለ ይመስለዋል።

አሁን ያንኑ ስድስት ሥዕል ለጠላት ልንሰጠው ነው። ቀለሙ ብቻ ይለወጥ። ክፍፍሉን ግን እንዳለ ብንወስደው ጌሙ ፍትሕ ያጣል። ሰው አንድ ነገር አይቶ ጣቱን እስኪያንቀሳቅስ ሩብ ሰከንድ ያህል፣ ማለትም አሥራ አምስት ቲክ ገደማ ይወስዳል። ጠላቱ በአሥር ቲክ ከመታ፣ ተጫዋቹ ሰይፉ ሲነሣ ቢያየውም ከመመታት አያመልጥም። ስለዚህ የሥዕል 1ን ቆይታ ከሰባት ወደ ሃያ ሰባት አሳድጋለሁ፤ ዝግጅቱ ሠላሳ ቲክ፣ ግማሽ ሰከንድ ይሆናል። ተጫዋቹ ለማየት ሩብ ሰከንድ፣ ለመሸሽ ደግሞ ሌላ ሩብ ሰከንድ አለው። የቀረው ሁሉ እንዳለ ይቆያል፤ ጭረቱ ሁለት ቲክ፣ መምቻው ስድስት። ጠላቱ ሰነፍ አይመስልም፣ ይልቁንም የከበደ ይመስላል።

ሃያ ሰባት ቲክ አንድ ሥዕል ሳይንቀሳቀስ ሲቆይ ግን ሌላ ችግር ይፈጥራል፤ ጌሙ የቆመ ይመስላል። አዲስ ሥዕል መሣል የማይቻል ከሆነ በዚያ ሥዕል ላይ ምስሉን በየሦስት ቲኩ አንድ ፒክስል ወደ ግራና ቀኝ ማንቀጥቀጥ ይበቃል፤ የሚንቀጠቀጠው ሥዕሉ ብቻ ይሁን፣ ሳጥኖቹ በቦታቸው ይቆዩ።

የተጻፈው ክፍፍልና ስክሪኑ ላይ የሚታየው አንድ መሆናቸውን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በመጀመሪያ በጎዶት `Debug` ሥር `Visible Collision Shapes` የሚለውን ማብራት ነው፤ ሳጥኖቹ በቀለም ይታያሉ፣ ሰይፉ ያለበትና ሳጥኑ ያለበት ቦታ የተራራቀ ከሆነ ወዲያው ይገለጣል። ቀጥሎ በሰከንድ 240 ምስል የሚቀርጽ ስልክ ካለ በዝግታ መቅረጫው ስክሪኑን መቅረጽ ነው። ስክሪኑ በሰከንድ ስልሳ ጊዜ የሚታደስ ከሆነ እያንዳንዱ ቲክ አራት ምስል ላይ ይገኛል። ቆጠራው ከጣቱ መነሣት የለበትም፤ ቁልፉና ስክሪኑ የራሳቸው መዘግየት አላቸውና። ጎንበስ ካለበት የመጀመሪያ ምስል ተነሥቶ ነጭ ጭረቱ እስኪታይ ይቆጠር። ለተጫዋቹ ሰይፈኛ አርባ ምስል፣ ለጠላቱ አንድ መቶ ሃያ ምስል መምጣት አለበት። ጭረቱ ራሱ ስምንት ምስል ላይ ይታያል። አሥራ ስድስት ላይ ከታየ ጌሙ በሠላሳ ቲክ እየሄደ ነው ማለት ነው፤ የዚያን ጊዜ የሚታረመው ክፍፍሉ አይደለም፣ በፕሮጀክቱ ቅንብር ውስጥ ያለው `physics_ticks_per_second` ነው።